ደም በአንድ ጊዜ የሚረጋውም የሚፈሰውም ለምንድን ነው? በሴፕሲስ ወቅት ስለሚከሰተው ዲ አይ ሲ

በከባድ ኢንፌክሽን ምክንያት ሆስፒታል ከሚገቡ ታማሚዎች መካከል በአንዳንዶቹ ላይ ቤተሰብን ግራ የሚያጋባ ሁኔታ ይታያል። የታማሚው ድድ ይደማል፤ መርፌ ከተወጋበት ቦታ ሁሉ ደም ይንጠባጠባል። በዚያው ሰዓት ደግሞ የእግሩ ጣቶች ቀዝቅዘው ይጠቁራሉ፤ ሐኪሙም ደሙ በሰውነቱ ውስጥ እየረጋ መሆኑን ይናገራል። ደም የሚረጋ ከሆነ መድማቱ እንዴት አይቆምም የሚለው ጥያቄ በአስታማሚዎች ዘንድ ይነሳል።

ይህ ሁኔታ በሕክምናው ዓለም ዲሴሚኔትድ ኢንትራቫስኩላር ኮአጉሌሽን፣ በአጭሩ ዲ አይ ሲ ይባላል። ትርጉሙም በመላው ሰውነት የደም ሥሮች ውስጥ የተሠራጨ የደም መርጋት ማለት ነው። ዲ አይ ሲ ራሱን ችሎ የሚመጣ በሽታ አይደለም፤ ሁልጊዜ ከበስተኋላው ሌላ ከባድ ሕመም አለ። ከወሊድ በፊት የእንግዴ ልጅ መላቀቅ፣ ከባድ አደጋ፣ አንዳንድ የደም ካንሰር ዓይነቶችና የአንዳንድ እባቦች መርዝ ሊያስከትሉት ይችላሉ። ይበልጥ የተለመደው መነሻ ግን ሴፕሲስ ነው። ሴፕሲስ ሰውነት ኢንፌክሽንን ሲዋጋ የሚሰጠው ምላሽ ከልክ አልፎ የራሱን የአካል ክፍሎች መጉዳት የሚጀምርበት ሁኔታ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በሴፕሲስ ምክንያት በሚከሰተው ዲ አይ ሲ ላይ ነው።

ደም በጤና ጊዜ እንዴት ይረጋል?

አንድ ጤነኛ ሰው ጣቱን በቢላ ቢቆርጥ ደሙ ለጥቂት ደቂቃዎች ፈስሶ ይቆማል። ይህን ሥራ የሚሠሩት ሁለት ተባባሪዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ፕሌትሌት የሚባሉት እጅግ ጥቃቅን የደም ሕዋሳት ሲሆኑ፣ በተቆረጠው ቦታ ተሰብስበው ቀዳዳውን ይደፍናሉ። ሁለተኛዎቹ በአብዛኛው በጉበት የሚመረቱ አርጊ ፕሮቲኖች ናቸው። እነዚህ ፕሮቲኖች አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ በመጨረሻ ፋይብሪኖጅን የተባለውን በደም ውስጥ የሟሟ ፕሮቲን ፋይብሪን ወደሚባል ክር ይለውጡታል። ክሩም እንደ መረብ ተዘርግቶ ፕሌትሌቶቹን በቦታቸው አስሮ ይይዛቸዋል።

ይህን ሂደት የሚያስጀምረው ቲሹ ፋክተር የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ቲሹ ፋክተር በተለመደው ጊዜ የሚገኘው ከደም ሥር ውጪ በመሆኑ፣ ደም ከእርሱ ጋር የሚገናኘው የደም ሥሩ ሲቆረጥ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት መርጋቱ በቁስሉ ቦታ ይወሰናል። ከዚህ በተጨማሪ ደም መርጋቱን የሚገቱ የራሱ ፕሮቲኖችና ሥራውን የጨረሰውን መረብ ቆራርጦ የሚያሟሟ ሌላ ፕሮቲን አለው። የሰው ሕይወት በየዕለቱ የተመሠረተው በአርጊው፣ በገቺውና በአሟሟው ሚዛን ላይ ነው።

ሴፕሲስ ሚዛኑን እንዴት ያዛባዋል?

በሴፕሲስ ጊዜ ሦስቱም ወገኖች በአንድ ላይ ይናጋሉ። አንደኛ፣ ከጀርሞቹ ጋር የሚዋጉት ነጭ የደም ሕዋሳት ቲሹ ፋክተርን በራሳቸው ላይ ያወጣሉ። እነርሱ በደም ውስጥ የሚዘዋወሩ በመሆናቸው የመርጋቱ ማስጀመሪያ በአንድ ቁስል ቦታ ሳይወሰን ደም በሚደርስበት ሁሉ ይዳረሳል። ሁለተኛ፣ መርጋትን የሚገቱት ፕሮቲኖች እየቀነሱ ይሄዳሉ። ሦስተኛ፣ የረጋውን የሚያሟሟው ፕሮቲን በሚገባ እንዳይሠራ የሚያደርግ ተከላካይ ንጥረ ነገር በብዛት ይመረታል። በዚህም የተነሳ በኩላሊት፣ በሳንባ፣ በጉበት፣ በአንጎልና በቆዳ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ እጅግ ብዙ ጥቃቅን የረጋ ደም ይፈጠራል፤ በፍጥነትም አይሟሟም።

እዚህ ላይ ነው እንቆቅልሹ የሚፈታው። የሰውነት የፕሌትሌትና የአርጊ ፕሮቲን ክምችት የተወሰነ ነው። ለአንድ ሽንቁር የተዘጋጀ የምርጊት ጭቃ ሽንቁር በሌለበት ግድግዳ ሁሉ ላይ ተለጥፎ ቢያልቅ፣ ዝናብ በሚገባበት ቦታ የሚለጠፍ አይቀርም። በዲ አይ ሲ ጊዜም ፕሌትሌቶቹና ፕሮቲኖቹ በማያስፈልግ ቦታ በመርጋት ሥራ ላይ ውለው ያልቃሉ። የአጥንት መቅኔና ጉበት አዲስ የሚያመርቱበት ፍጥነት ካለቀው ጋር አይመጣጠንም። ስለዚህ መርፌ በተወጋበት ወይም ድድ በተፋቀበት ቦታ ቀዳዳውን የሚደፍን ነገር ይታጣል። የደም መፍሰሱ ከመርጋቱ የተለየ ሁለተኛ በሽታ ሳይሆን የዚያው የመርጋቱ ውጤት ነው።

በሴፕሲስ ጊዜ ደም መፍሰሱ ለዓይን ይበልጥ ጎልቶ ቢታይም፣ ብዙውን ጊዜ ከባዱን ጉዳት የሚያደርሰው የማይታየው የደም መርጋት ነው። የኩላሊት ሥራ ማቆም፣ የትንፋሽ መቸገርና የጣቶች መጥቆር የሚመጡት ደም ወደ እነዚህ ክፍሎች መድረስ ሲሳነው ነው። በብዙ ታማሚዎች ላይ ደግሞ ምንም ዓይነት መድማት ሳይታይ ዲ አይ ሲ መኖሩ በላቦራቶሪ ምርመራ ብቻ ይታወቃል።

ምሳሌ፦ ከኩላሊት ጠጠር የተነሳ ሴፕሲስ

ሂደቱን ግልጽ ለማድረግ በሆስፒታሎች ከሚያጋጥሙ ሁኔታዎች በመነሳት የተዘጋጀ ምሳሌ ቀጥሎ ቀርቧል።

አንዲት የ52 ዓመት ወይዘሮ የቀኝ ጎናቸውን ይወጋቸውና ያንቀጠቅጣቸው ጀመር። በሁለተኛው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው የደምና የሽንት ምርመራ ተደረገላቸው። የፕሌትሌታቸው ብዛት በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 172,000 ነበር፤ ጤናማው መጠን ከ150,000 እስከ 450,000 ነው። የሽንት ኢንፌክሽን እንዳለባቸው ተነግሯቸው የሚዋጥ መድኃኒት ታዘዘላቸው፤ ትኩሳቱ ካልበረደም በማግሥቱ እንዲመለሱ ተነገራቸው። ወይዘሮዋ ግን ሳይመለሱ የሕመም ማስታገሻ እየወሰዱ ሁለት ቀን በቤታቸው ቆዩ።

በአራተኛው ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ወደ ሆስፒታል ሲደርሱ የሚናገሩት አይያያዝም ነበር። የሰውነታቸው ሙቀት 39.2 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ የደም ግፊታቸው 85 በ50፣ የልብ ምታቸው በደቂቃ 128፣ ትንፋሻቸውም በደቂቃ 28 ሆኖ ተገኘ። ካለፈው ምሽት ጀምሮ ሽንት አልሸኑም። ደም ከተቀዳበት ቦታ የሚንጠባጠበው ደም ከአሥር ደቂቃ በላይ ተይዞም አልቆመም፤ የእግራቸው ጣቶች ቀዝቅዘው ወደ ሰማያዊነት ተለውጠዋል። አልትራሳውንድ ሲነሳ በቀኝ ኩላሊትና በሽንት ፊኛ መካከል ባለው ቱቦ ውስጥ ጠጠር ተቀርቅሮ፣ ከበላዩ ያለው ኩላሊት በተጠራቀመ ፈሳሽ ተወጥሮ ታየ።

ዲ አይ ሲ መኖሩ የሚታወቀው እንዴት ነው?

ዲ አይ ሲን ብቻውን የሚያረጋግጥ አንድ ምርመራ የለም። ሐኪሞች አራት ውጤቶችን አጣምረው ያነብባሉ። የፕሌትሌት ብዛት ምን ያህሉ እንዳለቀ ያሳያል። ፕሮትሮምቢን ታይም የሚባለው ምርመራ ደሙ በላቦራቶሪ ለመርጋት ስንት ሰከንድ እንደሚወስድበት ይለካል፤ አርጊ ፕሮቲኖች ሲያልቁ ጊዜው ይረዝማል። ሦስተኛው የፋይብሪኖጅን መጠን ነው። አራተኛው ዲ ዳይመር ሲሆን፣ የፋይብሪን መረብ ሲቆራረጥ የሚቀረውን ስባሪ ይለካል። ስባሪው በብዛት መገኘቱ በሰውነት ውስጥ ብዙ መረብ ተሠርቶ እንደነበር ይመሰክራል።

ዓለም አቀፉ የትሮምቦሲስና የሄሞስታሲስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው መመዘኛ ለእነዚህ ውጤቶች ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ዲ አይ ሲ ጎልቶ ወጥቷል ይባላል። መመዘኛው የሚያገለግለው ዲ አይ ሲ ሊያስከትል የሚችል ሕመም ላለባቸው ታማሚዎች ብቻ ነው።

የወይዘሮዋ የመጀመሪያ ውጤት እንዲህ ነበር። ፕሌትሌት 68,000 በመሆኑ 1 ነጥብ፤ ፕሮትሮምቢን ታይም ከጤናማው የላይኛ ወሰን በ5 ሰከንድ በመርዘሙ 1 ነጥብ፤ ዲ ዳይመር እጅግ ከፍ በማለቱ 3 ነጥብ። ፋይብሪኖጅን በአንድ ዴሲ ሊትር 310 ሚሊ ግራም በመሆኑ ነጥብ አላስገኘም፤ ነጥብ የሚያሰጠው ከ100 ሲያንስ ነው። ድምሩ 5 ሆነ። ከአራት ሰዓት በኋላ ምርመራው ሲደገም ፕሌትሌት ወደ 44,000 ወርዶ 2 ነጥብ፣ ፕሮትሮምቢን ታይም ከወሰኑ በ7 ሰከንድ ረዝሞ 2 ነጥብ ያዙ። ፋይብሪኖጅን ወደ 180 ቢወርድም ነጥብ አልያዘም። ከዲ ዳይመሩ 3 ነጥብ ጋር ድምሩ ወደ 7 ከፍ አለ።

ከዚህ ምሳሌ ሁለት ነገሮችን መረዳት ይቻላል። የመጀመሪያው የፋይብሪኖጅን ጉዳይ ነው። ይህ ፕሮቲን በማንኛውም ኢንፌክሽን ጊዜ ጉበት አብዝቶ የሚያመርተው በመሆኑ፣ በሴፕሲስ ወቅት እያለቀ እንኳ ጤናማ መጠን ያለው መስሎ ሊታይ ይችላል። ከ310 ወደ 180 መውረዱ ግን ፍጆታው ከምርቱ መብለጡን ያመለክታል።

ሁለተኛው፣ ከአንድ ቁጥር ይልቅ የለውጡ አቅጣጫ የበለጠ መናገሩ ነው። ፕሌትሌት በጉበት በሽታ፣ በወባና በሌሎች ምክንያቶችም ይቀንሳል። ወይዘሮዋ የጤና ጣቢያውን የምርመራ ወረቀት ይዘው ባይመጡ ኖሮ 68,000 የቆየ ይሁን አዲስ በቀላሉ አይለይም ነበር። ከሁለት ቀን በፊት 172,000 እንደነበር መታወቁ ግን በፍጥነት እየተባባሰ ያለ ሁኔታ መሆኑን ገልጦታል። ስለዚህ ማንኛውም ታማሚ ወደ ሌላ ጤና ተቋም ሲሄድ ቀደም ሲል የተሠሩለትን የላቦራቶሪ ውጤቶች ይዞ መሄድ ይጠበቅበታል።

ሕክምናው በምን ላይ ያተኩራል?

ዲ አይ ሲን የሚያስቆመው መነሻውን ማስወገድ ነው። በመሆኑም ለወይዘሮዋ ወዲያውኑ በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክና ፈሳሽ፣ ቀጥሎም የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት ተጀመረ። ይሁን እንጂ ከጠጠሩ በላይ የተዘጋው የተበከለ ሽንት ካልወጣ መድኃኒቱ ብቻውን ሊያድናቸው አይችልም ነበር።

ሽንቱን ለማውጣት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በወገብ በኩል ኩላሊቱን በመርፌ ወግቶ ቱቦ ማስገባት ሲሆን፣ ሁለተኛው በሽንት ፊኛ በኩል ወደ ላይ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ጠጠሩን አልፎ መሄድ ነው። ኩላሊት ብዙ ደም የሚያልፍበት አካል በመሆኑ ደሙ የማይረጋን ሰው በወገብ በኩል መውጋት ለከባድ መድማት ይዳርጋል። ስለዚህ ሐኪሞቹ ሁለተኛውን መንገድ መረጡ። ከዚያ በፊት ፕሌትሌትና ፕላዝማ ተሰጣቸው፤ ለሚደማ ወይም ቀዶ ሕክምና ለሚደረግለት ታማሚ ፕሌትሌትን ከ50,000 በላይ ማድረስ የተለመደ ግብ ነው። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ቱቦው ገብቶ መግል የተቀላቀለ ሽንት ወጣ።

በማግሥቱ የደም ግፊታቸው ተሻሻለ። ፕሌትሌታቸው በሁለተኛው ቀን ወደ 39,000 ወርዶ ከቆየ በኋላ በአራተኛው ቀን 81,000፣ በሰባተኛው ቀን ደግሞ 150,000 ደረሰ። ኩላሊታቸው እስኪያገግም ሦስት ጊዜ የኩላሊት እጥበት አስፈልጓቸዋል። የሁለት ጣቶቻቸው ጫፍ ግን አልዳነም። መነሻው ሲወገድ አዲስ መርጋት ይቆማል፤ ደም ተነፍጎ የሞተው የአካል ክፍል ግን ተመልሶ ሕይወት አይዘራም። የሰዓታት መዘግየት የሚያስከፍለው ዋጋ ይህ ነው።

በአስታማሚዎች በተደጋጋሚ የሚነሱ ጥያቄዎች

ፕሌትሌቱ ዝቅ ብሎ ሳለ ለምን አይሰጠውም? ፕሌትሌትና ፕላዝማ የሚሰጡት ታማሚው ሲደማ፣ ቀዶ ሕክምና ሲጠብቀው ወይም ቁጥሩ እጅግ ሲወርድ ነው። የማይደማ ታማሚ ከ10,000 እስከ 20,000 ከሚደርሰው ዝቅተኛ ወሰን በላይ እስካለ ድረስ ብዙውን ጊዜ በክትትል ይቆያል። ቁጥሩን ለማሳመር ብቻ መስጠት ጥቅም የለውም፤ መነሻው ካልተወገደ የተሰጠውም እንደ ቀድሞው ያልቃል። በተጨማሪም ፕሌትሌት ከተለገሰ በኋላ በአብዛኛው ከአምስት ቀን በላይ ስለማይቆይ በየጊዜው በበቂ መጠን ላይገኝ ይችላል።

ለሚደማ ሰው ደም አቅጣኝ መድኃኒት ስለ ምን ይታሰባል? በብርቱ እየደማ ላለ ታማሚ ሄፓሪን አይሰጥም። ነገር ግን የማይደማ፣ ፕሌትሌቱም በቂ የሆነ የዲ አይ ሲ ታማሚ በእግርና በሳንባ የደም ሥሮች ውስጥ ደም እንዳይረጋበት አነስተኛ መጠን ሊታዘዝለት ይችላል። ትእዛዙ ስሕተት ሳይሆን ከበሽታው ባሕርይ የመነጨ ነው።

ከወሊድ በኋላ ለሚደሙ እናቶች የሚሰጠው ደም አቋሚ መድኃኒት ለምን አይሰጥም? ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚሠራው የረጋ ደም እንዳይሟሟ በማድረግ ነው። በሴፕሲስ ምክንያት በመጣ ዲ አይ ሲ ግን ማሟሟቱ አስቀድሞ የተዳከመ በመሆኑ፣ መድኃኒቱ በአካል ክፍሎች ውስጥ ያለውን መርጋት ሊያባብስ ይችላል። በዚህ ምክንያት በአብዛኛው አይታዘዝም።

ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድን የሚጠይቁ ምልክቶች

ዲ አይ ሲ በቤት ውስጥ አይታከምም። ወደዚያ የሚያደርሰውን ሴፕሲስ ግን ቀድሞ መለየት ይቻላል። ትኩሳት ወይም ብርቱ ብርድ ብርድ ማለት ያለበት ሰው ንግግሩ ከተዘበራረቀ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ እጅና እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ወይም ለግማሽ ቀን ያህል ሽንት ካልሸና በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል መወሰድ አለበት። በአረጋውያንና በጨቅላ ሕፃናት ላይ ትኩሳት ሳይኖር፣ እንዲያውም ሰውነት ከልክ በታች ቀዝቅዞ ሴፕሲስ ሊከሰት ይችላል።

በትኩሳት ላይ ቀይ ወይም ሐምራዊ ነጠብጣብ በቆዳ ላይ ከታየ፣ በግልጽ ብርጭቆ ጎን ተጭኖ ማየት ይጠቅማል። ብርጭቆው ሲጫነው የማይጠፋ ነጠብጣብ ከቆዳ ሥር የፈሰሰ ደም ሊሆን ስለሚችል አስቸኳይ ሕክምና ይፈልጋል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ነጠብጣቡ በቀላሉ ስለማይለይ የእጅ መዳፍን፣ የእግር ውስጠኛ ክፍልን፣ የአፍ ውስጥንና የታችኛውን የዓይን ቆብ ውስጥ ማየት ያስፈልጋል። ነጠብጣብ አለመታየቱ ግን ሴፕሲስ የለም ማለት አይደለም።

እነዚህ ምልክቶች ለታዩበት ሰው አስፒሪን፣ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን በራስ ፈቃድ መስጠት አይገባም፤ መድኃኒቶቹ የተረፉትን ፕሌትሌቶች ሥራ ያዳክማሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። በጡንቻ የሚሰጥ መርፌ በተወጋበት ሥፍራ ውስጥ ለውስጥ ደም ሊያፈስ ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ መወጋት ተገቢ አይደለም። የጠቆሩ ጣቶችን ማሸት ወይም በእሳትና በሞቀ ውኃ ማሞቅ የተጎዳውን ሥጋ የበለጠ ያቆስለዋል።

ታማሚው ጤና ተቋም ሲደርስ አስታማሚው አራት ነገሮችን ለሐኪሙ እንዲያስታውቅ ይመከራል፦ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን፣ በቤት የተወሰዱ መድኃኒቶችን ሁሉ፣ ከዚህ በፊት የጉበት ወይም የደም በሽታ መኖር አለመኖሩን፣ እንዲሁም ቀደም ሲል የተሠሩ የላቦራቶሪ ውጤቶችን።